የወይዘሮ ትርንጎ ቁርባን

በአንድ ወቅት፣ ከአንድ ሐይቅ እምብዛም በማትርቅ አንዲት ከተማ፣ ወይዘሮ ትርንጎ የሚባሉ ባልቴት ነበሩ። ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ነውና ከግቢያቸው ልጀምር። ግቢያቸው ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር ጋር ይጎራበታል፤ መሀሉ ላይ አንድ የወይን ሐረግ በእንጨት ቆጥ ላይ ተንሰራፍቷል። ባላቸው በሕይወት ሳሉ ከእርሻ ጣቢያ ቁራጭ ለምነው አምጥተው፣ «ይሄ ለቁርባን ይሁን» ብለው የተከሉት ነው። ለየትኛው ቁርባን እንደሆነ አልተናገሩም። በዚያን ጊዜ ቤቱ የሚያውቀው አንድ ቁርባን ብቻ ነበርና መናገር አላስፈለጋቸውም።

ኋላ ግን ልጆቹ አደጉ፤ ሲያድጉም ተበታተኑ። ትልቁ መርሻ የቄስ ትምህርት ቤት ገብቶ፣ ዲቁና ተቀብሎ፣ አግብቶ ቀሰሰ። ሁለተኛው ስምዖን አባቱ በሞቱ ማግስት በአዳሪነት ወደሚያስተምሩ ሚሲዮኖች ተላከና የካቶሊክ ካህን ሆኖ ተመለሰ። ሦስተኛው ደመላሽ ሆስፒታል ተኝቶ ሳለ አጠገቡ የተኛው በሽተኛ ወንጌል ሲያነብለት ከረመ፤ ጴንጤ ሆኖ ወጣ፤ ከዚያም ወንጌላዊ ሆነ። ማዕረጋቸው በየቤታቸው ይከበርላቸው፤ እዚህ ወንድማማች ናቸውና አንቱ አልላቸውም። የመጨረሻዋ አስካለ ናት። እሷ የትም አልሄደችም። ከእናቷ ጋር ቀርታ፣ የሦስት ወንድሞቿን ጭቅጭቅ ስታዳምጥ ኖረች።

ወይኑ በደረሰ ቁጥር ሦስቱም ቅርጫት ይዘው ይመጣሉ። መርሻ ዘለላውን አድርቆ ዘቢብ ያደርገዋል፤ በቅዳሴው ዕለት ዲያቆኑ ዘቢቡን በውሃ ዘፍዝፎ፣ አሽቶ ይጨምቀዋል፤ የሚያሰክር ነገር የለውም። ስምዖን ጨምቆ፣ ከድኖ፣ እስኪብላላ ያቆየዋል፤ በእነሱ ቤት ለመሥዋዕት የሚቀርበው የተብላላ የወይን ጠጅ ነው። ደመላሽ ደግሞ ጭማቂውን ወዲያው እሳት ላይ ጥዶ አፍልቶ በጠርሙስ ያሽገዋል፤ ምእመናኑ መጠጥ አይቀምሱምና እንዳይብላላበት ነው። ሦስቱም ሐረጉን የሚገርዙት በየፊናቸው ነበር። አንዱ የተወውን አንዱ ሲቆርጥ፣ አንዱ ያሰበውን አንዱ ሲያበላሽ፣ ወይኑ ዓመት በዓመት ፍሬው እየቀነሰ መጣ። አስካለ ይህን እያየች ቆሽቷ ያር ነበር፤ ግን ማን ጠይቋት።

ወይዘሮ ትርንጎ ራሳቸው በሕፃንነታቸው ቆርበው ነበር። ከዚያ ወዲያ ግን የለም። ጋብቻቸው በሽማግሌ እንጂ በቁርባን አልነበረም፤ እንዲህ ያገባ ሰው ንስሐ ገብቶ፣ ባልና ሚስት ተስማምተው ካልሆነ ወደ ሥጋ ወደሙ አይቀርብም። ባልየው «ነገ፣ ዛሬ» ሲሉ ሞት ቀደማቸው። እሳቸው ባልቴት ሲሆኑ መንገዱ ተከፈተ፤ ያኔ ደግሞ ፈሩ። ከቆረቡ በኋላ ሰው ቢያሙስ? ቢቆጡስ? ነፍስ አባታቸው ሲጠይቋቸው «ምላሴ ገና አላረጀም፣ አባ» ይሉ ነበር። ስንት ሰንበት አስቀደሱ፤ «በንስሐ የተዘጋጃችሁ ቅረቡ» ሲባል ሁልጊዜ ወደ ኋላ ነው የሚሸሹት። የዚህ አገር ሰው እንዲህ ነው፤ ሕፃኑና ሽማግሌው ይቆርባል፣ መሀል ያለው ቆሞ ያያል።

ምላሳቸው ሳያረጅ ሆዳቸው ታመመ። ክፉ ዕጢ ነበር። ሐኪሙ «ቤታችሁ ወስዳችሁ አስታምሟቸው» ብሎ ሰደዳቸው። የበሉት አይረጋላቸውም፤ የጠጡትም ይመለሳል። አስካለ ሳፋና ፎጣ ይዛ አጠገባቸው ዋለች፣ አደረች። ወይዘሮ ትርንጎም ከማስታወኩ የተነሣ አፋቸውን በነጠላቸው ጫፍ መሸፈን ልማድ አደረጉ። ይህችን ነጠላ ልብ በሉልኝ።

አንድ ቀን ሦስቱ ወንድሞች በአልጋው ዙሪያ ተሰበሰቡና እናታቸውን ምን እንደሚፈልጉ ጠየቁ።

«ሳልቆርብ እንዳልሞት» አሉ።

ይህን ብቻ ነው ያሉት። ልጆቹ ግን ጀመሩ።

«ቁርባን ቀልድ አይደለም» አለ መርሻ። «በቅዳሴው መንፈስ ቅዱስ ሲወርድበት ኅብስቱ እውነተኛ ሥጋው፣ ወይኑ እውነተኛ ደሙ ይሆናል። እንዴት ብሎ መመርመር የለም፤ ማመን ብቻ ነው። በዕለቱ ይጋገራል፣ በዕለቱ ይቀደስበታል፣ ለነገ አያድርም።»

«እኛም ሥጋው ነው እንላለን» አለ ስምዖን። «መልኩና ጣዕሙ የኅብስት እንደሆነ ይቀራል፤ ምንነቱ ግን ተለውጧል። ስለዚህ ቢያድርም ያው እሱ ነው። ለበሽተኛ ብለን እናኖረዋለን።»

«ሁለታችሁም ከበዳችሁ» አለ ደመላሽ። «ጌታ ለመታሰቢያዬ አድርጉት ነው ያለው። ዳቦው ዳቦ ነው፤ ጌታ ያለው በሚያምነው ሰው ዘንድ ነው።»

«መታሰቢያ ብቻ ከሆነማ ፎቶውን ስቀልላት!» አለው ስምዖን።

«አንተስ በኪስህ ይዘኸው ልትዞር ነው?» አለ ደመላሽ መልሶ።

እንዲህ እያሉ ቀጠሉ። ወይዘሮ ትርንጎ ዐይናቸውን ጨፍነው ሲሰሙ ቆዩና ነጠላቸውን ከአፋቸው አነሡ።

«ቁርባን ነው የለመንኳችሁ፤ ክርክር አይደለም» አሉ። ከዚያም ወደ አስካለ ዞሩ። «የአባትሽን ማጭድ አውጪው። ሦስት ጌታ ያለው ወይን ይደርቃል። ያቆረበኝ ልጄ ወይኑን ይውሰድ፤ እሱ ብቻ ይግረዘው። ማጭዱን አንቺ ነሽ የምትሰጪው፤ አደራ።»

ማጭዱ አስካለ እጅ ገባ። የእርሷም መከራ ከዚያ ይጀምራል።

መጀመሪያ የተነሣ መርሻ ነበር። የእናቱን ነፍስ አባት አምጥቶ ንስሐ አስገባቸው። በማግስቱ ገና ጎሕ ሳይቀድ፣ ዲያቆኑ የመሥዋዕቱ ኅብስት በሚዘጋጅበት በቤተ ልሔም እርሾ የገባበትን የስንዴ ሊጥ ጋገረ፤ ኅብስቱ ላይ የመስቀሉ ቅርጽ ታተመበት። ዘቢቡ ከእናቱ ግቢ ወይን የተሰበሰበ ነበር። ሁለት ቀሳውስትና ሦስት ዲያቆናት ገብተው ቀደሱ። ሲያበቃ መርሻ ቅዱስ ሥጋውን፣ ሌላው ቄስ ክቡር ደሙን ይዘው፣ በጥላ ተጋርደው፣ ቃጭል እየተመታ በአጥሩ በር ወጡ። ጎረቤቱ ሁሉ መሬት ሳመ።

ደጃፉ ላይ መርሻ ቆመ።

«አስኩ፣ አስመልሷታል?»

አስካለ መዋሸት ትችል ነበር። ሳፋው ገና እጇ ላይ ነው። «አሁን ገና፣ ጋሼ» አለች።

መርሻ አልገባም። ወይዘሮ ትርንጎ በአልጋው ላይ ቀና ብለው እጃቸውን ዘረጉ።

«ልጄ፣ ትንሽ ብቻ።»

«እማዬ፣ ትንሹም ሙሉው እሱ ነው።»

ከቁርባን በፊት ያለውን ጾም ለሞት ለቀረበ በሽተኛ ቤተ ክርስቲያኗ ትተዋለች፤ ለሚያስታውክ ሰው ግን አይሰጥም፤ ሥጋው በምድር ይወድቃላ። መርሻ እንባው በጢሙ ላይ እየወረደ ዞሮ ሄደ። እናቱ ሳይቀበሉት የቀረውን አገልጋዮቹ በዚያው ማለዳ ተቀበሉት፤ አያድርምና። በማግስቱም ቀደሰ፤ መጣ፤ ጠየቀ፤ ተመለሰ። በሠልስቱም እንዲሁ። ተጓዳኞቹ ካህናት ደከሙ፤ ሚስቱ አጉረመረመች፤ እሱ ግን «ሆዷ የሚረጋበት ማለዳ ይመጣል» እያለ ቃጭሉን አላቋረጠም።

አስካለ ቃጭሉን በሰማች ቁጥር ደሟ ይፈላ ነበር። እናቷ አጥብቀው ሲለምኑ ደጃፍ ድረስ አምጥቶ መመለስ፣ ለተራበ ሰው መሶብ ከፍቶ እንደመዝጋት ሆነባት። ይህን ለእናቷ ብትናገር ግን ተቆጧት።

«አትንኪው። ዕድሜዬን ሙሉ እኔ የፈራሁትን ነው እሱ የፈራልኝ። እንደ ዳቦ ቆጥሮት ቢሆን ይሰጠኝ ነበር» አሏት።

ይህን አሉ፤ ግን ረሃባቸው አልቀረም።

ሁለተኛ የተነሣ ደመላሽ ነበር። የእሱ ቤት ደግሞ የራሱ አጥር አለው። የጌታ እራት የሚሰጠው እምነቱን በአፉ መስክሮ፣ በውሃ ጠልቆ ለተጠመቀ ነው፤ የሕፃንነት ጥምቀት አይቆጠርም። ጴንጤ የተባለ ሁሉ አንድ አይምሰላችሁ፤ ሕፃን የሚያጠምቁም አሉ፣ ከኅብስቱ ጋር ጌታ በእውነት አለ የሚሉም አሉ። የደመላሽን ቤተ ክርስቲያን የሚመሩት ሽማግሌዎች ግን ይህን አይሉም። ደመላሽ ይህን ያውቃል። እንደ ሥርዓቱ ከሆነ እናቱ ከማዕዱ ውጭ ናቸው።

«ሽማግሌዎቹ ቢሰሙስ፣ ጋሼ?» አለችው አስካለ።

«ይጠይቁኛል። እሷን የሚጠይቃት የለም።»

አስካለ በዚያ ቀን የጋገረችውን ዳቦ ከሌማቱ አንሥቶ ቆረሰ። ከቆጡ ላይ ጥቂት ፍሬ ለቅሞ በብርጭቆ ጨመቀ። መጽሐፉን አነበበ፤ ራሳችንን እንመርምር አለ፤ ጸለየ። ከዚያ «እማዬ፣ ኢየሱስ ለአንቺ እንደሞተ ታምኛለሽ?» ሲል ጠየቃቸው።

«አምናለሁ እንጂ። ለማን ሊሞት ኖሯል?»

ፍርፋሪውን በጭማቂው አርሶ አጎረሳቸው። እሱም በላ። ብዙም ሳይቆይ ሆዳቸው መለሰው። አስካለ በድንጋጤ ሳፋውን ስታነሣ ደመላሽ ግን ጎንበስ ብሎ ወለሉን በፎጣ ጠረገ።

«ደመላሽ፣ ሥጋው ወደቀ?»

«አልወደቀም፣ እማዬ። የወደቀው ዳቦ ነው።»

«ታዲያ እኔ ምኑን ተቀበልኩ?»

«ሞቱን አሰብሽ። እሱም እዚሁ ካንቺ ጋር ነበር።»

ወይዘሮ ትርንጎ አለቀሱ። የማርያምን ልጅ ስቃይ፣ የባላቸውን ሞት፣ በሕይወታቸው ያስቀየሙትን ሰው ሁሉ እያነሡ አወሩ፤ ይቅርታም ለመኑ። ከታመሙ ጀምሮ እንደዚያ ቀን ተረጋግተው አልተኙም። ሲነቁ ግን አስካለን «ደግ ልጅ ነው። ግን ሥጋው የለበትም ብሎኛል፤ ራሱ ነው ያለኝ» አሏት። ደመላሽም ሽማግሌዎቹ ሰምተው፣ ነገሩን መርምረው እስኪጨርሱ እራቱን እንዳያገለግል አገዱት። እሱ ግን የሠራውን አልካደም።

ሦስተኛ የተነሣ ስምዖን ነበር። እሱና መርሻ በአባታቸው መቃብር ላይ የገቡት መሐላ አለ፤ እናታቸውን ማናቸውም ወደየራሳቸው ላይስቡ። የስምዖን ቤተ ክርስቲያን ሕግ ደግሞ የመርሻ ቤተ ክርስቲያን ልጅ በራሱ አንደበት ከጠየቀና በንስሐ ከተዘጋጀ ካህኑ ቅዱስ ቁርባኑን ሊሰጠው ይችላል ይላል። ነገር ግን ካህኑ ራሱ እንዳያግባባ፣ የሌላውን ቤት ሥርዓት እንዲያከብር፣ ሰው ማስኮብለል እንዳይመስል ያሳስባል። የመርሻ ቤት ግን ልጆቿን ከሌላ መሠዊያ እንዳይቀበሉ ትከለክላለች። በአንዱ በኩል በሩ ክፍት፣ በሌላው በኩል ዝግ ነው። ስምዖን በዚህ ምክንያት ዝም ብሎ ነበር የከረመው።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ የወይዘሮ ትርንጎ ሆድ ጋብ አለ። ስምዖን ሊጠይቃቸው መጥቶ አጠገባቸው ተቀምጧል።

«ስምዖን፣ አንተ ጋ የለም?»

«ምኑ፣ እማዬ?»

«እያወቅከው።»

«አለ» አለ ስምዖን። «ምን ነው ብለሽ ታምኛለሽ?»

«የጌታዬ ሥጋ ነዋ! ምን ሊሆን ነው?»

«መርሻ ያዝናል።»

«መርሻ ማለዳ ይመጣል። እኔ ማለዳውን አላውቀውም።»

ስምዖን ተነሥቶ ወጣ። በጸሎት ቤታቸው መሠዊያው አጠገብ ያለች ትንሽ ሣጥን አለች፤ በፊቷ ቀን ከሌት መብራት ይበራል። ከዚያ ክዳን ባላት ዕቃ ቅዱስ ቁርባኑን ይዞ መጣ። ወይን አልያዘም፤ በእነሱ ትምህርት በኅብስቱ ብቻ ሙሉው ክርስቶስ አለ። ጾሙም በሽተኛን አይይዝም። ለሟች የሚሰጠውን ቁርባን «ስንቅ» ይሉታል። ከኅብስቱ የጤፍ ፍሬ የምታህል ሰብሮ፣ በማንኪያ ውሃ አድርጎ አቀበላቸው። ወይዘሮ ትርንጎ ዋጡት። አስካለ ሳፋውን ይዛ ቆማ ጠበቀች። ፀሐይ ጠለቀች፤ አልተመለሰም።

ወይዘሮ ትርንጎ አፋቸውን በነጠላቸው ሸፍነው ተኙ።

«ለመርሻ እኔው ራሴ እነግረዋለሁ» አለ ስምዖን ሲወጣ።

አልደረሰለትም። በማግስቱ ማለዳ ቃጭሉ እንደ ልማዱ ተሰማ። መርሻ ደጃፉ ላይ ቆሞ ጠየቀ።

«አስመልሷታል?»

«ከትናንት ጀምሮ የለም» አለች አስካለ።

የመርሻ ፊት በራ። ጫማውን አውልቆ ገባ። ወይዘሮ ትርንጎ ፊታቸውን ወደ ቃጭሉ አዙረው፣ አፋቸውን በነጠላቸው ሸፍነው ተኝተዋል። ስማቸውን ጠራ። ደግሞ ጠራ። ነጠላውን ገለጥ ሲያደርገው ትንፋሽ የለም፤ ገላቸው ግን ገና ይሞቃል። መርሻ ሥጋውን እንደያዘ ባለበት ቆሞ ቀረ። ተጓዳኙ ቄስ ክርኑን ይዞ እስኪመልሰው ድረስ አልተንቀሳቀሰም።

እናታቸው ተቀበሩ። አርባቸው ወጣ። ሦስቱ ወንድሞች በወይኑ ቆጥ ሥር ተቀመጡ፤ አስካለ ማጭዱን ታቅፋ ቆመች። የሆነውን ሁሉ አንድም ሳትደብቅ ነገረቻቸው። መርሻ የስምዖንን ነገር የሰማው ያኔ ነው፤ ስምዖን በኀዘኑ መሀል ሊነግረው አልደፈረም ነበር።

«በመሐላችን ላይ?» አለ።

«ለመነችኝ።»

«እኔንም ለምናኝ ነበር።»

ነገሩ እዚህ ላይ ቢቆም ጥሩ ነበር።

«ያቆረበኝ ነው ያለችው» አለ ስምዖን። «ሥጋው ነው ብላ አምና ጠየቀች፣ ተቀበለች፣ ሆዷም አልመለሰውም። መሐላዬን ያፈረስኩት ለእሷ ነው። ሌላ ምን ቀረ?»

«ከቤቷ ውጭ የተቀበለችውን ቤቷ አታውቀውም» አለ መርሻ። «የማምንበትን ለእናቴ ስል አላረከስኩም፤ ማለዳ ማለዳም መጣሁ። ከዚህ ወይን በተጨመቀው ስሟ ተነሥቶ ተቀድሶበታል። የከለከላት ሆዷ እንጂ ልቧ አይደለም። ፈቃዷን እግዚአብሔር ይቆጥርላታል ብዬ አምናለሁ።»

«ሁለታችሁ ስለ ዳቦው ትጣላላችሁ፤ እሷን የት ጣላችኋት?» አለ ደመላሽ። «ይቅርታ የለመነችው፣ ያለቀሰችው፣ በሰላም የተኛችው በየትኛው ማዕድ ነው? ለዚያ ስል ከማዕዴ ታግጃለሁ። ቁርባን ሰውን ከጌታው ካላገናኘ ምን ሊያደርግ ነው?»

«ነጠላዋን አላያችሁም?» አለ ስምዖን። «የቆረበ ሰው አፉን ይሸፍናል። ተቀብያለሁ ማለቷ ነው።»

«ቃጭሉን ሰምታ ነው ወደ እኔ የዞረችው» አለ መርሻ። «ልቀበል ተዘጋጅቻለሁ ማለቷ ነው።»

«ነጠላ ነጠላ ነው» አለ ደመላሽ።

አስካለ ትዕግሥቷ አለቀ። «ስታስመልስ የከረመችበት ነጠላ ነው!» አለች። «እኔ ነኝ ሳጥበው የከረምኩት። ለምን እንደሸፈነች እኔም አላውቅም፣ እናንተም አታውቁም። ሁለት ባላ ትከል፣ አንዱ ቢሰበር በአንዱ ተንጠልጠል ይባላል። እናቴ ሦስት ባላ ወልዳ ስትንጠለጠል የምትይዘው አጥታ ነው የሄደችው።»

ይህን ብላ አለቀሰች። ወንድሞቿ አንገታቸውን ደፉ፤ ግን አንዳቸውም «ለእሱ ስጪው» አላሉም።

ወይኑ ቅጠሉን አራግፏል። የመግረዣው ጊዜ አሁን ነው፤ ካለፈ ሐረጉ ወደ እንጨትነት ይሄዳል፣ ለከርሞም ዘለላ አይኖርም። ለሦስት መክፈል እናትየው ከልክለዋል። አስካለ ጧት ጧት ማጭዱን ይዛ ወደ ቆጡ ትወጣለች፤ የሦስቱን ነገር በልቧ ታነሣለች፣ ትጥላለች፣ ተናድዳም ትገባለች። አደራው የሙት ነውና ልትጥለው አትችልም።

እንግዲህ እናንተ የሰማችሁ ፍረዱላት። ሥጋውን አክብሮ የከለከለው ልጅ፣ መሐላውን አፍርሶ ያቀበለው ልጅ፣ ቆርሶላቸው ከማዕዱ የታገደው ልጅ፤ ወይዘሮ ትርንጎን ያቆረባቸው ማን ነው? ማጭዱስ ለማን ይገባል?